ለቀጭን ላፕቶፕ የውጭ ግራፊክስ ሳጥን ያዋጣል? ድሬዳዋ ላይ ሞክሬ ያየሁት

የውጭ ግራፊክስ ሳጥን የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ ይዞ በኬብል ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ሳጥን ነው። መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ላፕቶፑ ተንደርቦልት የሚባለው ፈጣን ፖርት በእውነት ካለው፣ ቤት ውስጥ ሞኒተር ካለ፣ ሳጥኑም ያገለገለ ሆኖ በርካሽ ከተገኘ ያዋጣል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ያገለገለ ዴስክቶፕ መግዛት ይሻላል። እንዲህ የምለው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ለክቼ ካየሁት ተነስቼ ነው።

ላፕቶፑ ኢንቴል ኮር አይ5-8250ዩ ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ራም እና አንድ ተንደርቦልት 3 ፖርት ያለው ነው። ሳጥኑ ውስጥ የገባው ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ ነው። መለኪያ ያደረግሁት ጂቲኤ 5ን ነው፤ ካርዱንም ፕሮሰሰሩንም እኩል ይፈትናል። ላፕቶፑ በራሱ ግራፊክስ፣ ሴቲንጉ ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ በ1080ፒ በሰከንድ 25 ፍሬም ገደማ ነበር የሚሰጠው።

መጀመሪያ የሚጣራው ፖርቱ ነው። የዩኤስቢ ሲ ቅርጽ ያለው ሁሉ ተንደርቦልት አይደለም። ከፖርቱ አጠገብ የመብረቅ ምልክት መኖሩን እዩ፤ ከዚያ Device Manager ከፍታችሁ System devices ሥር Thunderbolt የሚል ካለ አረጋግጡ። ኬብሉም የራሱ ጣጣ አለው። የስልክ ቻርጀር ኬብል ላፕቶፑን ቻርጅ ሊያደርግ ይችላል፣ ካርዱ ግን አይታይም። የተንደርቦልት 3 ሆኖ ግማሽ ሜትር ገደማ የሆነ ኬብል ሙሉውን 40 ጊጋቢት ያሳልፋል፤ ተራው ኬብል አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ካርዱን ሳጥኑ ውስጥ ሰክታችሁ የፓወር ገመዱን አያይዙ፣ ሳጥኑን አብሩ፣ ዊንዶውስ ተነስቶ ካለቀ በኋላ ኬብሉን ሰኩ። የተንደርቦልት ፕሮግራሙ ፈቃድ ሲጠይቅ ሁልጊዜ እንዲፈቅድ አድርጉ፣ ከዚያ የካርዱን ድራይቨር ጫኑ። ብዙ ሰው የሚቸገረው Device Manager ውስጥ Code 12 ሲመጣ ነው። ይህ ማለት ካርዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ላፕቶፑ ለካርዱ የሚመድበው የአድራሻ ቦታ አጥቷል ማለት ነው። ኬብሉን ሰክታችሁ እንደገና አስነሱት። ካልሆነ ባዮሱን አድሱ፣ የማትጠቀሙባቸውን እንደ ካርድ ሪደር ያሉትን ዝጉ። አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከ40 ጊጋቢቱ ውስጥ ለካርዱ ዳታ የሚደርሰው 22 ጊጋቢት ገደማ ነው፤ በሰከንድ 2,700 ሜጋባይት አካባቢ ማለት ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያው ካርድ በሰከንድ ወደ 15,700 ሜጋባይት የሚያሳልፍ መንገድ አለው። በ60 ፍሬም ሲካፈል፣ በእያንዳንዱ ፍሬም በኬብሉ ማለፍ የሚችለው 45 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ዴስክቶፑ ላይ 260 ይሆናል። የውጭ ሳጥን ድክመት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ጠባብ መንገድ ነው።

ለዚህ ነው ሞኒተር የግድ ነው የምለው። ምስሉን በላፕቶፑ ስክሪን ለማየት ካርዱ የሠራው እያንዳንዱ ፍሬም በዚያው ኬብል ተመልሶ መምጣት አለበት። በ1080ፒ አንድ ፍሬም 8.3 ሜጋባይት ነው፣ በ60 ሲባዛ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ይጠጋል። በዚያ ላይ ምስሉ በላፕቶፑ ራም በኩል ወደ ስክሪኑ ይገለበጣል። ሞኒተሩን በኤችዲኤምአይ በቀጥታ ካርዱ ላይ ስሰካ 70 ፍሬም ገደማ አገኘሁ፤ በላፕቶፑ ስክሪን ግን ያው ጨዋታ፣ ያው ሴቲንግ፣ 50 ገደማ። ካርዱ አልተቀየረም፣ የተቀየረው መንገዱ ነው።

ቀጥሎ ማወቅ ያለባችሁ የሚይዛችሁ ካርዱ ይሁን ሌላ ነገር ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጥራቱን ከ1080ፒ ወደ 720ፒ አውርዱ። ፍሬሙ ከፍ ካለ ካርዱ ነበር የሚይዘው፤ እዚያው ከቆመ ፕሮሰሰሩ ወይም ኬብሉ ነው። እዚህ ላፕቶፕ ላይ ከ70 ወደ 72 ብቻ ነው የሄደው። ስለዚህ የበለጠ ውድ ካርድ መግዛት ገንዘብ መጣል ይሆን ነበር። በአንጻሩ ካርዱ ትርፍ ጉልበት ስላለው የምስሉን ጥራት ከፍ ማድረግ ብዙም አያስከፍልም፤ MSAA ብትጨምሩ ፍሬሙ እምብዛም አይወርድም። Population Density እና Extended Distance Scaling ግን ፕሮሰሰሩን ስለሚጭኑ ዝቅ አድርጓቸው።

የካርዱ ሜሞሪ ከዴስክቶፕ ይልቅ እዚህ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ሜሞሪው ሲሞላ ጨዋታው ከላፕቶፑ ራም መበደር ይጀምራል፣ ያም በጠባቡ ኬብል ይመላለሳል። አማካይ ፍሬሙ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጨዋታው በየጥቂት ሰከንዱ የሚቆራረጥ ከሆነ የቴክስቸር ጥራትን አንድ ደረጃ አውርዱ። ወዲያው ከተስተካከለ ችግሩ ያ ነበር። ከፈጣን ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ ዝግተኛ ባለ 8 ጊጋባይት ይሻላል የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ድሬዳዋ ላይ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ፤ ሙቀትና መብራት። ቀጭን ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዝበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ የሚስበው አየር ራሱ ትኩስ ነው። ጨዋታው ጥሩ ጀምሮ ከሩብ ሰዓት በኋላ ፍሬሙ ከወረደ ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም Thermal Throttling የሚለውን እዩ፤ Yes ካለ ሙቀት ነው። ማራገቢያውን ከአቧራ ማጽዳት፣ የፕሮሰሰሩን የማቀዝቀዣ ፔስት መቀየር፣ ከሁሉም በላይ ፍሬሙን 60 ላይ መገደብ ይረዳል። የተገደበ 60 ከ72 ተነስቶ 45 ከሚወርድ ይሻላል። ሐረር ያላችሁ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ካርዱ ግን በድንገት ይሰወራል። ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ይደርቃል ወይም ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ካርዱ እስከ 125 ዋት፣ የላፕቶፑ ቻርጅ 60 ዋት፣ ብክነቱ ሲጨመር ከ210 እስከ 220 ዋት ይሆናል። 650 ቪኤ ዩፒኤስ ይህን ይሸከማል፤ የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ቢሆንም ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይበቃል። ሞኒተሩንም እዚያው ላይ ሰኩት፣ አለበለዚያ በጨለማ ስክሪን ምንም ማድረግ አይቻልም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሬዘር ኮር ኤክስ የተባለው ሳጥን በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ባዶውን 299 ዶላር ነበር፤ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር በ2019 ሲወጣ 229 ዶላር። በአዲስ ዋጋ 528 ዶላር አውጥታችሁ ዴስክቶፕ ላይ ከሚሰጠው ያነሰ ፍሬም ነው የምታገኙት። ሳጥን የሌለው የተንደርቦልት ቦርድ ከተራ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ጋር ያንኑ ሥራ በብዙ ቅናሽ ይሠራል፤ ጉዳቱ ክፍት ስለሆነ የድሬ አቧራ መግባቱ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ይሁን ሌላ ቦታ፣ የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አይዳ64 በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ GPGPU Benchmark የሚለውን አሂዱና Memory Write የሚለውን ቁጥር አንብቡ። ከ2,000 ሜጋባይት በላይ ከሆነ ሳጥኑም ኬብሉም ደህና ናቸው። 1,400 አካባቢ ካሳየ በሌላ አጭር ኬብል ድገሙት። አሁንም ካልተነሳ ጥፋቱ የሳጥኑ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ተንደርቦልታቸው ከአራት ይልቅ በሁለት መስመር ብቻ የተገናኘ ነው፣ ያ ደግሞ በሶፍትዌር አይስተካከልም።