ከቀይ አፈር ወደ ቱርሚ፦ መኪናችን ትንፋሽ ያጠራት ቀን

ቀይ አፈር ስሟን ከየት እንዳገኘች ለማወቅ ከመኪና መውረድ አያስፈልግም፤ መስታወቱ ይነግራችኋል። ሐሙስ ነበር፣ የገበያዋ ቀን። ከዚያ በዲመካ በኩል ወደ ቱርሚ ስንወርድ ግማሹን መንገድ ከአንድ ጭነት መኪና ኋላ ተለጥፌ ነዳሁ። አቧራው ጋብ እስኪል ቆም ብል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዲመካን እንዳለፍን አንዲት ዳገት ላይ ፒክአፑ ሰነፈ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ብረግጠውም ወይ ፍንክች! ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፤ ከሥሩ REDUCED ENGINE POWER ይላል፣ የሞተሩ ጉልበት ተቀንሷል ማለት ነው። በመስታወት ሳይ ከኋላችን ጥቁር ጭስ።

«ሞተሩ አለቀ» አልኩ።

አብሮን የነበረው ጋሼ፣ ዕድሜውን በናፍጣ መኪና የጨረሰ ሰው ነው። «ሙቀቱ ልክ ነው፣ የዘይት መብራትም አልበራም። ጥቁር የሚያጨሰው አየር አጥሮት ነው። አጥፋውና ኮፈኑን ክፈት፣ ልጄ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ የሚስበውን አየር የሚለካ ሴንሰር አለ። የአየር ማጣሪያው ሲደፈን የሚገባው አየር ያንሳል፤ የመኪናው ኮምፒውተርም ይህን ሲያይ ሞተሩና አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ እንዳይጎዱ ብሎ ጉልበት ይቀንሳል።

ጋሼ የማጣሪያውን ሳጥን ከመክፈቴ በፊት ክዳኑን በጨርቅ አስጠረገኝ፤ አለበለዚያ ላዩ ያለው አቧራ ወደ ውስጥ ይረግፋል። ክሊፖቹን ፈታሁ። ማጣሪያው ጡብ መስሏል። የስልኬን መብራት ከውስጥ በኩል ይዤ ከውጭ ሳየው ብርሃን የሚባል ነገር አላለፈም። ደህና ማጣሪያ ላይ ብርሃኑ በእጥፋቶቹ መሃል ይታያል።

ቀጥሎ ያሳየኝን ብዙ ሰው አያደርገውም። ጣቱን ወደ ሞተሩ በሚሄደው ንጹሕ ወገን አስገብቶ አሸት አሸት አደረገና አየው። ንጹሕ ነው። እዚያ አቧራ ቢገኝ ኖሮ ወይ የማጣሪያው የጎማ ጠርዝ በደንብ አልገጠመም፣ ወይ ወረቀቱ ተቀዷል፤ ያኔ አሸዋው ቱርቦው ጋ ደርሷል ማለት ነው።

ማጣሪያውን በመዳፌ ቀስ እያደረግኩ አራገፍኩትና ቱርሚ ድረስ በዝግታ ነዳን። ጉልበቱ በከፊል ተመለሰ፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። ቱርሚ አንድ ጎሚስታ ኮምፕረሰር ነበረው። «ወንድሜ፣ ከ30 ፒኤስአይ አታሳልፍ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ንፋው» አለው ጋሼ። ከውጭ ከተነፋ አቧራው ወረቀቱ ውስጥ ይቀበራል፤ ግፊቱ ከበዛ ወረቀቱ ይበሳል። ከተነፋ በኋላ እንደገና በመብራት አየነው። እንደ መርፌ ቀዳዳ ቦግ የሚል ነጥብ ቢታይ መጣል ነበረብን።

መብራቱ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሦስቴ ካስነሳሁት በኋላ ጠፋ። የአንዳንዱ መኪና ግን በማሽን ካልተሰረዘ አይጠፋም። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖም ጉልበት ካልተመለሰ የቱርቦውን ቱቦዎች ማየት ነው።

የተነፋ ማጣሪያ ቤት ለመድረሻ ነው። አርባ ምንጭ ስገባ አዲስ ገዛሁ። አሮጌውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ቀይ ዱቄት ፈሰሰ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለኝ ባለ ሱቁ፣ እየጠረገ።

«ከቀይ አፈር።»