የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን ቃል ይገባል?

እዚህ ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ልብወለድ የምናነብ ጥቂት ጓደኛሞች አለን። ሰሞኑን የያዝነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ደራሲው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለአንባቢው ምን ቃል ይገባል? ቃሉንስ የት ላይ ይፈጽማል? እስካሁን የደረስንበትን ላካፍላችሁ።

ብዙ የቆየነው በ1967 እ.ኤ.አ. በታተመው የጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ላይ ነው። በእኛ አባባል አጀማመሩ ይህን ይመስላል፦ «ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ኮሎኔል አውሬሊያኖ ቡዌንዲያ ሊረሽኑት ከተሰለፉት ወታደሮች ፊት ቆሞ፣ አባቱ በረዶ ሊያሳየው የወሰደውን ያን የሩቅ ዘመን ከሰዓት ያስታውሳል።»

መጀመሪያ የተነገረንን ብቻ ጻፍን። ሰውየው ኮሎኔል ነው። አንድ ቀን ረሻኞች ፊት ይቆማል። ልጅ ሳለ አባቱ በረዶ ሊያሳየው ወስዶታል። በቃ። ከመካከላችን አንዷ «ይሞታል» ብላ ጽፋ ነበር። የትኛው ቃል እንደሚለው ስንጠይቃት ግን ጣቷን የምታሳርፍበት አጣች። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው «ቆሞ» ነው። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀምበት መፈተኛ ይኸው ነው፦ ቃሉ ላይ ጣትህን ማድረግ ካልቻልክ፣ ያ የደራሲው ቃል ሳይሆን የአንተ ግምት ነው። ግምቱንም አንጥለውም፤ ለብቻው እንጽፈዋለን። ደራሲው የሚጫወተው ብዙ ጊዜ እሱ ላይ ነውና።

ቀጥሎ አንድ አንድ ነገር እየቀነስን ጮክ ብለን አነበብነው። ረሻኞቹን ስናወጣ የቀረን ጣፋጭ የልጅነት ትዝታ ነው፤ ገጽ የሚያስገልጥ ችኮላ የለውም። በረዶውን ስናወጣ ተራ የጦርነት ታሪክ ሆነ። ከሁሉ የገረመን «ከብዙ ዓመታት በኋላ» የሚለውን ስናወጣው ነው። ከምን በኋላ እንደሆነ እኮ አልተነገረንም! ግን እሱ ሲወጣ፣ መጨረሻውን አስቀድሞ የሚያውቀው ተራኪ አብሮ ጠፋ። የመጽሐፉ ትልቁ ቃል ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ጊዜ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደፊትም ወደኋላም እወስድሃለሁ» ማለቱ ነው።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ታሪኩን ስለሚገልጥ፣ መጽሐፉን ያላነበባችሁ ብትዘሉት ይሻላል።

ቃሉ የት ተፈጸመ? በረዶው የሚመጣው በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነው። ደራሲው ትንሹን ዕዳ ቶሎ ስለከፈለን ትልቁን በትዕግሥት እንጠብቃለን። ረሻኞቹ ግን ይዘገያሉ። በመሀል የወንድሙ ልጅ አርካዲዮ ይረሸናል፤ እኛም «አሁን ተራው የእሱ ነው» ብለን እንሰጋለን። ቀኑ ደረሰ፣ ኮሎኔሉ ቆመ፣ በረዶውም ትዝ አለው። ነገር ግን አልተረሸነም፤ ወንድሙ ጠመንጃ ይዞ ደረሰለት። የሚሞተው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ነው። እያንዳንዱ ቃል ተጠብቋል። የፈረሰው ያ ለብቻው የጻፍነው ግምት ነው።

ከዚያ ወደ ራሳችን ጽሑፍ ዞርን። አንድ ጓደኛችን ሊጀምረው ላሰበው ልብወለድ ይህን አመጣ፦ «በሦስተኛው ቀን የአባቴን ታንኳ ባዶውን ዳር ላይ አገኘነው።» የተነገረን ታንኳው መገኘቱ እንጂ የአባትየው መሞት አይደለም። «በሦስተኛው ቀን» ሲል ሁለት የፍለጋ ቀናት እንዳለፉ ይጠቁማል። «አገኘነው» ሲል ደግሞ ተራኪው ብቻውን እንዳልነበረ ይነግረናል፤ እነማን አብረውት እንደፈለጉ አንባቢው ይጠብቃል።

የሚቀጥሉት ሁለት ገጾቹ ግን ስለ ጣና ውበት ነበሩ። ጽሑፉ ያምራል፤ ዕዳውን ግን አይነካም። የት ላይ ልባችን እንደሸሸ ለማወቅ እያንዳንዳችን ማንበብ የሰለቸንን መስመር በእርሳስ ምልክት አደረግን። ሁላችንም እዚያው አንቀጽ ላይ ተገናኘን። ሐይቁ ዳር ያደገ ሌላ ጓደኛችን አንድ ነገር ጨመረ። የደንገል ታንኳ ውኃ ይመጥጣል፤ ከተጠቀሙበት በኋላ አውጥተው ካላደረቁት እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት ቀን ውኃ ላይ የቆየ ታንኳ ከብዶ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ደርቆ ከተገኘ ግን አንድ ሰው ጎትቶ አውጥቶታል ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ሲሰማ የውበቱን ገጾች ወደ ምዕራፍ ሁለት ወሰዳቸው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩ አሁን «ታንኳው ደረቅ ነበር» የሚል ሆኗል።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት ቦታም አጋጥሞናል። አንዳንድ ልብወለድ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምንም ድርጊት አይነግርህም፤ የተራኪውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያሰማህ። እዚያ ላይ ቃል መቀነስ ብዙ አያሳይም። ለጊዜው የምናደርገው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ተራ በተራ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ድምፁ ተለውጦ ከሆነ፣ የት ላይ እንደተለወጠ ወደኋላ እየሄድን እንፈልጋለን። በሚቀጥለው የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።