አቡ ዙበይር «ከጃቢር» ሲል፦ ከሰነድ ጥናቴ የተማርኩት

ተድሊስ፣ ማለትም ራዊ የሚባለው ሐዲስ አስተላላፊ የሰማበትን ሰው ዘልሎ ማስተላለፉ፣ ለረጅም ጊዜ አስቁሞኝ ነበር። ሰሞኑን መንገዱ ስለተከፈተልኝ፣ የሐዲስ ጥናት ለጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶች ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። የሶሒሕ ሐዲስ መስፈርቶች አምስት ናቸው፦ ሰነዱ ማለትም የአስተላላፊዎቹ ሰንሰለት ሳይቋረጥ መያያዝ፣ የራዊዎቹ ታማኝነት፣ የአያያዛቸው ጥንካሬ፣ ከበለጠ አስተማማኝ ዘገባ ጋር አለመጋጨት፣ ስውር እንከን አለመኖር። ይህን መሸምደድ ቀላል ነው። የራዊዎችን የልደትና የሞት ዓመት ማነጻጸርም ከተለመደ አይከብድም፤ አንዱ ከሞተ በኋላ ሌላው ከተወለደ ሰነዱ መቋረጡ በግልጽ ይታያል።

ተድሊስ ግን በዓመት ንጽጽር አይያዝም። ሙደሊስ የሚባለው ራዊ ሸኹን ማለትም አስተማሪውን በእርግጥ አግኝቷል፣ ከእሱም ብዙ ሰምቷል። ያንን አንድ ሐዲስ ግን የሰማው ከሌላ ሰው ሆኖ፣ መካከለኛውን ሳይጠቅስ «ዐን» ማለትም «ከእገሌ» ብሎ ያልፋል። «ሐደሠና» (ነገረን) ቢል ውሸት ይሆን ነበር፤ «ዐን» ግን ሰምቻለሁ ማለት ስላልሆነ ውሸታም አያስብለውም። የተዘለለው ሰው ደካማ ቢሆንስ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

እኔን የያዘኝ የመካው አቡ ዙበይር ነው፤ በ126 ዓመተ ሂጅራ ነው የሞተው። ከሶሓባው ከጃቢር ኢብን ዐብደላህ (ረ.ዐ) ብዙ አስተላልፏል፣ ኢማም ሙስሊምም በሶሒሓቸው ብዙ ወስደውለታል። ኢማም ቡኻሪ ግን ብቻውን አልተደገፉበትም፤ ያመጡለት ከሌላ ራዊ ጋር አጣምረው ነው። የሐዲስ ሊቁ ኢብን ሐጀር ሙደሊሶችን በአምስት ደረጃ ሲከፍሉ ሦስተኛው ላይ አስቀመጡት፤ በዚህ ደረጃ ያለ ሰው መስማቱን በግልጽ ካልተናገረ ብዙዎች አይቀበሉትም።

መፍትሔው ያለው ከግብፁ ለይስ ኢብን ሰዕድ ታሪክ ውስጥ ነው። ለይስ መካ ሄደው አቡ ዙበይር ሁለት ኪታቦች ሰጣቸው። ይዘው ከወጡ በኋላ ግን ተመልሰው «ይህን ሁሉ ከጃቢር ሰምተኸዋል?» ብለው ጠየቁት። «የሰማሁትም አለ፣ ሰዎች የነገሩኝም አለ» አላቸው። «እንግዲያው የሰማኸውን ምልክት አድርግልኝ» አሉት፣ አደረገላቸው። ለይስ የያዙት ያን ምልክት የተደረገበትን ነው። ስለዚህ «ለይስ፣ ከአቡ ዙበይር፣ ከጃቢር» የሚል ሰነድ ሲመጣ «ዐን» ቢልም ችግር የለውም።

አሁን በሶሒሕ ሙስሊም ያሉ ሁለት ሐዲሶችን ጎን ለጎን እንያቸው። አንዱ በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትን የሚከለክለው ነው፤ ሰነዱ በለይስ በኩል ስለሚመጣ ስለ አቡ ዙበይር «ዐን» አንጨነቅም። ሌላው የዒድ አል-አድሓ (አረፋ) እርድን የሚመለከት ነው፦ ዕድሜው የሞላውን እንጂ እንዳታርዱ፣ ካስቸገራችሁ ግን ወጣት በግ እረዱ ይላል። ይሄኛው የሚመጣው በለይስ ሳይሆን ከአቡ ዙበይር በሚያስተላልፈው በዙሀይር በኩል ነው፤ በዚያም ላይ «ዐን» ነው። በቅርብ ዘመን ሸኽ አልባኒ በዚህ ምክንያት ደካማ ብለውታል። ብዙ ዑለማዎች ግን ሙስሊም መርጠው ማስገባታቸውን ይዘው ተቀብለውታል፤ ሙስሊም ራሳቸው በመግቢያቸው በተድሊስ ከሚታወቁ ሰዎች ዘንድ የመስማት ማረጋገጫ እንደሚፈለግ ጽፈዋልና ጉዳዩን ሳያውቁ አላለፉትም ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ያም ሆኖ የአልባኒን ጥያቄ ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዘዴ አቋሜ ግልጽ ነው። የኮምፒውተር ፍለጋ ስም ያወጣል እንጂ ሰነድ አያስነብብም። ወረቀት ላይ ጃቢርን ከታች፣ አቡ ዙበይርን ከእሱ በላይ፣ ከዚያም ከእሱ የሰሙትን ሁሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሳሉ፤ በየመስመሩ ላይ «ሐደሠና» ወይም «ዐን» ብላችሁ ጻፉ። የለይስ ቅርንጫፍ ወዲያው ተለይቶ ይታያል። ከሌላው ቅርንጫፍ አንዱ «ጃቢርን ሰማሁት» የሚል ቃል ከያዘ የዚያ ሐዲስ ጥርጣሬ ይነሳል። ሌላው ደግሞ «ሙደሊስ» የሚለውን ቃል ከመዝገብ ላይ አይቶ ሐዲሱን መጣል ትልቅ ድፍረት ነው። የሐዲስ ሊቁ ሹዕባ አቡ ዙበይርን የነቀፉት ሲመዝን ሚዛን ወደ ራሱ ሲያደላ አይቼዋለሁ ብለው ነው፤ ኢብን ሒባን ግን ይህ ለመጣል አያበቃም ብለዋል። ስለዚህ ነቀፋ ስታነቡ ምክንያቱንም ፈልጉ። እኔ ይህን ሁሌ አላደርገውም፤ ሲደክመኝ የኢብን ሐጀርን አጭር ፍርድ ይዤ አልፋለሁ።

አሁን ሌላው ሙደሊስ ቀታዳ ላይ ነኝ፣ ከአነስ (ረ.ዐ) የሚያወራው። እዚህ ለይስን የሚተካው ሹዕባ ነው፦ የቀታዳን አፍ እመለከት ነበር፣ «ሐደሠና» ሲል እጽፋለሁ፣ «አለ» ብሎ ሲያወራ እተወዋለሁ ብለዋል። ከሹዕባ ውጭ ያሉትን የቀታዳ ደረሳዎች የሠራችሁ ካላችሁ፣ የሳላችሁትን ዛፍ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።