የ"ሸተር አይላንድ" የመጨረሻ ጥያቄ

ዛሬ ማታ "ሸተር አይላንድ" የተባለውን ፊልም ደግሜ አየሁት። መጨረሻውን ስለምጽፍ ያላየው ሰው እዚህ ጋ ያቁም።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ቴዲ የሚባል የፌደራል ማርሻል የጠፋች ታካሚ ሊፈልግ ደሴት ላይ ወዳለ የአእምሮ ሆስፒታል ይሄዳል። በስተመጨረሻ ግን ሐኪሞቹ "ታካሚው አንተ ነህ" ይሉታል። ሚስቱ ልጆቻቸውን ውሃ ውስጥ አስጥማ ገድላለች፤ እሱም እሷን ገድሏል። አጋሬ የሚለው ቸክም የራሱ ሐኪም ነው፤ "ቴዲ" የሚለውም እውነተኛ ስሙ ሳይሆን ራሱ የፈጠረው ነው።

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ፍንጭ የቸክ ሽጉጥ ነው። ደሴቱ እንደደረሱ መሣሪያ አስረክቡ ሲባሉ ቸክ ሽጉጡን ከወገቡ ማውጣት ያቅተዋል። ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ግን የሚነግረን ቸክ ማርሻል አለመሆኑን ብቻ ነው። "ሐኪሞቹ ጤነኛውን ቴዲን ሊያሳብዱት አሲረዋል" የሚለውም ሰው ይህንኑ ሽጉጥ ለራሱ ማስረጃ ያደርገዋል። ለሁለቱም ወገን የሚሠራ ፍንጭ ክርክሩን አይፈታም።

እኔን የያዘኝ ግን የመጨረሻው ትዕይንት ነው። ቴዲ ማታ እውነቱን አምኗል። በማግስቱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሐኪሙን እንደገና "ቸክ" ይለዋል። ሐኪሙም "አልሆነም" ብሎ ለባልደረቦቹ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ይህ ማለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል ማለት ነው። ያኔ ነው ቴዲ የሚጠይቀው፦ እንደ ጭራቅ መኖር ይከፋል ወይስ እንደ ጥሩ ሰው መሞት?

ሕመሙ ተመልሶበታል ወይስ እያወቀ መርጧል? ተመልሶበታል ለሚሉት ጠንካራ ነገር አለ። ከዘጠኝ ወር በፊትም እውነቱን ተቀብሎ እንደነበርና በኋላ እንደጠፋበት የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ራሱ ተናግሯል። "ጭራቅ" የሚለውም የግድ ሚስቱን አይመለከትም። ቴዲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዳካው በተባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ በጠባቂዎች ግድያ እጁ እንዳለበት ያምናል፤ ይህ ጸጸት በቅዠቱ ውስጥም አብሮት ነው። ስለዚህ ጥያቄዋ ብቻዋን አትበቃም።

እኔ ክብደት የምሰጠው ከጥያቄዋ በኋላ ለሚሆነው ነው። ሐኪሙ "ቴዲ?" ብሎ ይጣራል። እሱ ዞር አይልም። ቴዲ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው በስሙ ሲጠራ ምነው ዝም አለ? ዝምታ ግን ደካማ ማስረጃ ነው፤ ሐሳብ ይዞት ሊሆን ይችላል። አካሄዱ ይበልጥ ይናገራል። ፊልሙን በሙሉ፣ ሆስፒታሉ የታካሚዎችን አንጎል ቀዶ ይሠራል ብሎ ሲፈራና ሲታገል የነበረ ሰው፣ ሊወስዱት ከመጡት ጋር ተነስቶ በጸጥታ ይሄዳል። ቅዠቱ ውስጥ ያለ ቴዲ ቢሆን ኖሮ ይታገል ነበር። በዚህ የተነሳ መርጧል ባይ ነኝ።

ፊልሙ የተሠራበት የዴኒስ ሌሄን ልቦለድ ውስጥ ይህች ጥያቄ የለችም። ለፊልሙ ተጨምራ የመጣች ናት፤ መርጧል የሚለውን በር የከፈተችውም እሷ ናት። የዘጠኝ ወሩ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። አንዴ የተመለሰ ሕመም ሁለተኛ የማይመለስበት ምክንያት ፊልሙ ውስጥ አላገኘሁም።