«የኔ የቱ ጋ ነው?»

ቢሾፍቱ ውስጥ የዶሮ መኖና የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ ሱቅ አለ። እኔ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ የምውለው ነኝ። መኖ እመዝናለሁ፣ መድኃኒት አወጣለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄ ስመልስ እውላለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ መጡና «አንተ መጻፍ ትወዳለህ አይደል? ለሱቁ ብሎግ ክፈትለት» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ምን እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚያነበው የተባለ ነገር የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኛላ።

ያን ቀን ማታ ደብተር አውጥቼ ርዕስ መደርደር ጀመርኩ። የወተት ላም፣ ከብት ማድለብ፣ በግ፣ ዶሮ፣ ንብ። ንብ እንዴት እንደገባ እስካሁን ይገርመኛል። ሱቃችን ለንብ አናቢ የሚሆን አንዲት ዕቃ የለውም፤ እኔም ማር ከመብላት ያለፈ ዕውቀት የለኝም። ግን ስሌቴ ቀላል ነበር፦ መረቡ በሰፋ ቁጥር ብዙ ዓሣ ይያዛል።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ «የዶሮ እርባታ ለጀማሪዎች» አልኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ጻፍኩ። ስድስት ገጽ ወጣው። ከመለጠፌ በፊት አለቃዬ እንዲያዩልኝ ፈለግኩ፤ እሳቸው ደግሞ ረጅም ነገር ስልክ ላይ አያነቡም። ስለዚህ አሳተምኩት። አራት ኮፒ ነበርና ሦስቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ደንበኛ ሲመጣ «እስቲ ይቺን ይዩልኝ» እያልኩ ሰጠሁ።

መጀመሪያ የወሰዱት አንዲት እናት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሃያ አምስት ያህል ዶሮ አላቸው፤ ፉርሽካና የቤት ትራፊ ነው የሚያበሏቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቁጭ ብለው አነበቡ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሙ። ወደ ኋላ ተመለሱ። ደግሞ ወደ ፊት ገለጡ። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ አዙረው «ልጄ፣ የኔ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ገጹን ባገላብጥ የሳቸው የሆነ ሦስት መስመር እዚህ፣ ሁለት መስመር እዚያ አገኘሁ። ሌላው ስለማይገዙት ማሽን፣ ስለማይሠሩት ቤት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሺህ ዶሮ ያላቸው ሰውዬ መጡ። ቆመው ገረፍ ገረፍ አደረጉትና «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብለው መለሱልኝ። እንደዚህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሦስተኛው መቶ ዶሮ ሊገዛ ያሰበ ወጣት ነበር። እሱ ሁሉንም አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ «እሺ፣ ለመቶ ዶሮ ስንት ኪሎ መኖ ልግዛ?» አለኝ። ስድስት ገጽ ውስጥ ይህ አልነበረም።

ማታ ጽሑፉን ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አነበብኩት። «እንደ ዶሮዎቹ ብዛት»፣ «እንደ ዕድሜያቸው»፣ «እንደ አቅምዎ» የሚሉትን ሁሉ አሰመርኩ። አሥራ ዘጠኝ ቦታ ተገኘ። እነዚህ ቃላት ትሕትና መስለውኝ ነበር። ለካ አንባቢዬን ስላላወቅኩ መልሱን የምሸሽበት መደበቂያ ናቸው።

ለምሳሌ ሙቀትን ልውሰድ። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ገጽ ጽፌ ነበር፤ አምፖሉ፣ ከሰሉ፣ ጫጩቶቹ ተጠጋግተው ሲከመሩ በርዷቸው እንደሆነ፣ ከሙቀቱ ሲሸሹ ደግሞ ሞቋቸው እንደሆነ። ሁሉም ትክክል ነው። ግን ያ ወጣት የሚገዛው የ45 ቀን ዶሮ ነው። እሷ ላባ አውጥታለች፤ ያን የጭንቅ ጊዜ ሻጩ አሳልፎላታል። ለሱ ሁለቱ ገጾች ድካም ብቻ ናቸው። የአንድ ቀን ጫጩት ለሚገዛ ሰው ግን ሁለቱ ገጾች ራሳቸው አይበቁትም፤ እዚያ ላይ ነው ጫጩት የሚያልቅበት። አንድ ጽሑፍ ለአንዱ ሲረዝም ለሌላው አጠረ።

ጠዋት ለአለቃዬ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አልኳቸው። ባንኮኒው ላይ ደብተር ዘረጋሁ። ለአሥራ አራት ቀን የሚጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ፣ ጠያቂው በተናገረበት ቃል፣ ከጎኑ ስንት ዶሮ እንዳለው ጨምሬ ጻፍኩ። ሰማንያ ሦስት ጥያቄ ተሰበሰበ። ሠላሳ አራቱ የ45 ቀን ዶሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገዙ ወይም ሊገዙ ካሰቡ ሰዎች ነው። አሥራ ዘጠኙ ከትላልቅ አርቢዎች፣ አሥራ ስድስቱ ግቢያቸው ውስጥ ጥቂት ካላቸው፣ የቀረው የላምና የበግ። የንብ ዜሮ።

አለቃዬ ደብተሩን አይተው ቅር አላቸው። «ብሩ ያለው ሺህ ዶሮ ያለው ጋ ነው፤ ለሱ ጻፍ እንጂ!» እውነታቸውን ነው፣ ብሩ እዚያ ነው። ግን የትልልቆቹን አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ አብረን አነበብነው። አሥራ ሁለቱ «ዛሬ ኩንታሉ ስንት ገባ?» እና «መኖ መቼ ይደርሳል?» ነው። ለዚህ ስልክ ይደወላል እንጂ ብሎግ አይነበብም። የቀረውን ጥያቄ ደግሞ ለራሳቸው የእንስሳት ሐኪም ያቀርቡታል። ጀማሪው ግን ሐኪም የለውም፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ አንዷ ዶሮ ስታንኮራፋ የሚይዘው ስልኩን ነው። አለቃዬ ትንሽ አሰቡና «መቶ ዶሮም ቢሆን ትበላለች» አሉ። ተስማማን ማለት ነው።

ከዚያ አንባቢዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩት፦ ከ50 እስከ 200 የ45 ቀን ዶሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ፣ እንቁላል ሸጦ ማትረፍ የሚፈልግ፣ ሥራውን ራሱ የሚሠራ ሰው። የሙያው ሰዎች ኒሽ የሚሉት ይህን ነው መሰለኝ፤ እኔ «የኔ ሰው» ነው የምለው። ከሥሩ ደግሞ የማልጽፍለትን ጻፍኩ፦ የአንድ ቀን ጫጩት የሚያሳድግ፣ የሥጋ ዶሮ የሚያረባ፣ ከሺህ በላይ ያለው። ይህኛውን መጻፍ ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ። ሰው በር ላይ የመለስኩ መሰለኝ።

ማጥበቡ ጣመኝና አንድ ስህተት ጨመርኩ። «ቢሾፍቱ የሚኖር» እና «ወጣት» የሚሉ ሁለት ቃላት አስገባሁ። ከዚያ የሠላሳ አራቱን ጥያቄ መልስ በየተራ አየሁ። አዳማ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ይቀየራል? የስልሳ ዓመት ጡረተኛ ቢሆንስ? አንዱም አልተቀየረም። የዶሮው ዕድሜና ብዛት ግን መልሱን ሁሉ ቀይሮታል። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት ሰረዝኩ። መልስ የማይቀይር ማጥበብ አንባቢ ከመቀነስ ሌላ ሥራ የለውም።

ቀጥሎ ርዕስ መጻፍ ሞከርኩ፤ ሃያ ካልሞላ ቦታው ጠቧል ወይም እኔ አላውቀውም ማለት ነው ብዬ። ሰውዬው ከሚያልፍበት ቀን ጋር አብሬ ሄድኩ። ዶሮዋ ከመምጣቷ በፊት ቤቱ ምን ይሁን? ሻጩን የትኛውን ክትባት ሰጠህ ብዬ ልጠይቅ? የመጀመሪያው ሌሊት። መኖ መቀየር። የፈንግል በሽታ ሰፈር ውስጥ ገባ ሲባል። እርስ በርስ መነቋቆር ሲጀምሩ። አምስት ወር ሞላቸው፣ እንቁላሉ የታለ? በአንድ ማታ ሃያ ስድስት ሆነ። ለንብ ብሞክር ኖሮ ሦስተኛው ላይ ማር እየላስኩ እቀር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ደብተሩ አሳየኝ። እኔ «ቄብ» እያልኩ ነበር የምጽፈው፤ ትክክለኛው ቃል እሱ ነውና። ከሠላሳ አራቱ ጠያቂዎች ሃያ ስድስቱ ያሉት ግን «የ45 ቀን ዶሮ» ወይም «የ45 ቀን ጫጩት» ነው። ሰው ጎግል ላይም የሚጽፈው አፉ ላይ ያለውን ነው። ርዕሱ ላይ የነሱን ቃል አደረግኩ፤ ቄብን ውስጥ አስገብቼ አስረዳሁ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ የዚያ ወጣት ጥያቄ ሆነ፦ «መቶ የ45 ቀን ዶሮ በመጀመሪያው ወር ስንት መኖ ትበላለች?» አሁን «እንደ ሁኔታው» ማለት አላስፈለገኝም። በዚህ ዕድሜ ያለች እንቁላል ጣይ ዝርያ በቀን ወደ 50 ግራም ትበላለች፤ በወሩ መጨረሻ ወደ 60 ትጠጋለች። በአማካይ 55 እንበል። መቶ ዶሮ በቀን አምስት ኪሎ ተኩል፣ በ30 ቀን 165 ኪሎ ይሆናል። የሚፈሰውንና የሚባክነውን ጨምሮ ወደ አንድ ኩንታል ከሰባ አምስት ኪሎ ይያዝ። ከዚያ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመርኩ፤ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ የአንዷ ቀለብ ከ110 እስከ 120 ግራም ይደርሳል፣ ስለዚህ የዛሬውን ወጪ አይተው የስድስተኛውን ወር አይተምኑ። አንድ ገጽ ከሩብ። ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ብፈልግ የማሰምርበት አጣሁ።

እሱንም አሳትሜ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። እኚያ እናት ፉርሽካ ሊገዙ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ርዕሱን አነበቡ፣ ሁለት መስመር ያህልም ቀጠሉ።

«ይሄስ ጭራሽ የኔ አይደለም» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ የርስዎ አይደለም።»

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «የእህቴ ልጅ ግንቦት ላይ መቶ ዶሮ አስገባለሁ እያለ ነው፤ ለሱ ነው የምወስድለት» አሉና የፉርሽካውን ሂሳብ መቁጠር ጀመሩ።