ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ሲውል

«አንዴ ሰብሚት ከተደረገ አለቀ» የሚል እምነት አለ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ፎርም ሞልቶ የሚያድር ሰው ሁሉ ይለዋል፣ ደንበኛውም ያምናል። እኔን ያናደደኝ ግን እምነቱ አይደለም፣ ከእምነቱ ተነስቶ የሚሰጠው ምክር ነው።

ነገሩ የሆነው በ2009፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ያኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ሲቪ፣ ዲቪ፣ ያገኘነውን ነው። አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ገባ። ዲቪ ደርሶታል። ፊቱን ያየ ግን ዲቪ ሳይሆን የቀብር ጥሪ የደረሰው ነው የሚመስለው። ከፌስታል ውስጥ ፓስፖርቱንና የ DS-260 ማረጋገጫ ወረቀቱን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። DS-260 ዲቪ የደረሰው ሰው ቀጥሎ የሚሞላው የቪዛ ፎርም ነው።

ፓስፖርቱ ላይ ልደቱ ጃንዋሪ 20፣ 1996 ነው። ፎርሙ ላይ ጃንዋሪ 19።

«ማን ሞላልህ?»

በአገጩ ወደ ታች አሳየኝ። ገባኝ። ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለ ቤት ነው፣ ስሙ ይቅር። በጥቅምት የሞላውን የዲቪ ማመልከቻም እዚያው ነው የሞላው፣ እዚያም ላይ 19 ተብሏል። ስህተቱ ያን ሁሉ ወር ተደብቆ የቆየው ለምን መሰላችሁ? ውጤት ሲታይ ድረ ገጹ የሚጠይቀው የኮንፈርሜሽን ቁጥር፣ የቤተሰብ ስምና የትውልድ ዓመት ብቻ ነው። ቀኑንና ወሩን አይጠይቅም። ዓመቱ ልክ ስለነበር ውጤቱ ያለ ችግር ወጣለት። ልጁም ሁሉ ነገር ልክ መስሎት ከረመ።

«ታዲያ ምን አሉህ?» አልኩት።

«ሰብሚት ሆኗል፣ አይነካም አሉኝ። ፓስፖርቱን ከፎርሙ ጋር እንዲስማማ አስቀይር፣ እኛ እንጨርስልሃለን አሉ።» ዋጋውን ነገረኝ። አልጽፈውም።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እስቲ አስቡት፣ ትክክለኛው ሰነድ ፓስፖርቱ ነው። ፓስፖርቱ የልደት ሰርተፍኬቱን ይመስላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥፋቱ ፎርሙ ላይ ያለ አንዲት ቁጥር ናት። እሷን ለማዳን ተብሎ ልደቱ ከቀበሌ ጀምሮ ሊቀየር ነው። ዲቪ በደረሰው ማግስት ልደቱን የቀየረ ሰው ቆንስላው መስኮት ላይ ምን ሊባል እንደሚችል ደግሞ የሚነግረው የለም። አንዲት የቀን ስህተት ትገለጻለች። አዲስ ፓስፖርት፣ አዲስ ሰርተፍኬት፣ አሮጌ ልደት የያዘ የትምህርት ማስረጃ ግን ሲገናኙ ሌላ ጥያቄ ይወልዳሉ።

ልጁ ዝም ብሎ ይሰማኛል። ያላመኑኝ እናቱ ናቸው።

«እንዴ ልጄ፣ እነሱ መቼ ተሳሳቱ?» አሉኝ። «የወለድኩት እኮ የጥምቀት ዕለት ነው። እኔ እስላም ብሆንም ቀኑ አይጠፋኝም፤ ታቦት ሲገባ መንገዱ ተዘግቶ ሐኪም ቤት መድረስ አቅቶኝ ነበር። ልጁ ካላንደር አውጥቶ አሳየኝ፤ ጥምቀት በፈረንጅ 19 ነው። ፓስፖርቱ ነው የተሳሳተው።»

ይኸውላችሁ። የዚያኛው ቤት ልጅ የዘንድሮውን ካላንደር ከግድግዳ አውርዶ የ1988ን ጥምቀት ፈልጎበታል።

«እማማ፣ ያች ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ናት» አልኳቸው።

«ዮሐንስ ይሁን ማቴዎስ፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያስ!»

ታዲያስ ያሉበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ክርክር ያሸነፈ ሰው «ታዲያስ» ነው። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁት ሰዎችም ወደ እሳቸው ያደሉ መሰለኝ። ነገሩን ከሥሩ ካላስረዳኋቸው ልጁን ይዘውት ወደ ታች ሊመለሱ ነው። ወረቀት አወጣሁ።

የእኛ ጳጉሜን አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን 6 ትሆናለች። 1987 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜን 6 ስለሆነች የ1988 እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ዋለ። ከዚያ ጀምሮ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። ፈረንጆቹ ደግሞ የራሳቸውን ትርፍ ቀን በፌብሩዋሪ 29 ሲጨምሩ ነው ሁለቱ ተመልሰው የሚገጥሙት፤ በእኛ የካቲት 21 መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ፣ በዘመነ ዮሐንስ የተወለደ ሰው ሁሉ በተለመደው ሒሳብ ከተገለበጠ አንድ ቀን ይጎድልበታል። ጥር 11፣ 1988 ጃንዋሪ 20፣ 1996 ነው። ዘመኑን ለማወቅ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ መማር አያስፈልግም። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍለው ቀሪ ከሌለው ዘመነ ዮሐንስ ነው።

እሳቸው ግን አልተዋጠላቸውም። ቁጥሩን ትቼ፣ «እማማ፣ በ2008 ገና መቼ ተከበረ?» አልኳቸው።

ወረፋ ላይ ያለች አንዲት ሴት ቀድማ፣ «28! ታኅሣሥ 28 ነው የዋለው» አለች።

እናትየው ዞረው አዩዋት። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አሃ፣ ታዲያ እንዲህ አትለኝም! የኛም ዒድ በየዓመቱ ይዞራል እኮ። የፈረንጁ ቀን አንዴ ቢዞር ምን ይገርማል።» ወደ ልጃቸው ዞረውም፣ «አብሽር፣ ፓስፖርትህን አትንካ» አሉት። እኔ ግማሽ ሰዓት የለፋሁበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ቀላል ነው፣ ካወቁት። የጥቅምቱ የዲቪ ማመልከቻ ከተላከ በኋላ በፍጹም አይታረምም። እንደገና ልሙላ ያለ ደግሞ ሁለት ጊዜ እንዳመለከተ ይቆጠርና ከነጭራሹ ይወጣል። ስለዚህ ያንን እንዳለ መተው ነው። DS-260 ግን ሌላ ነው። ከተላከ በኋላ ይቆለፋል እንጂ አይሞትም። ቁልፉ ያለው ኬንታኪ፣ የዲቪ ጉዳይ የሚያዩት ሰዎች ዘንድ ነው። በ KCCDV@state.gov ኢሜይል ተጽፎ ፎርሙ እንዲከፈት ይጠየቃል። ክፍያ የለውም።

ኢሜይሉን ከልጁ አድራሻ ጻፍነው፤ ከቤቱ አድራሻ አልላክሁም፣ መልሱ የሚመጣው ለእሱ ነውና። ኬዝ ነምበሩን አርዕስቱ ላይም ውስጡም አስገባን። ሙሉ ስሙን በፓስፖርቱ አጻጻፍ። ልደቱን ሁለቱንም ጻፍን። ፎርሙ ላይ ያለው 19 ነው፣ ፋይሉን የሚያገኙት በሱ ነው፤ ትክክለኛው 20 ነው፣ ስህተቱ የመጣው ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲገለበጥ ነው፣ እባካችሁ ፎርሙን ክፈቱልኝ። በቃ። ሦስት መስመር ነው። የአባቱን ሕይወት ታሪክ ልጨምር ያለውን ከለከልኩት።

መልሱ ግን ቶሎ አልመጣም። በመካከሉ ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ ኢንተርኔት ተዘጋና ከተማው ሁሉ ጸጥ አለ። ልጁ በየቀኑ በር ላይ ብቅ ይላል፣ እኔም በየቀኑ ትከሻዬን እነቀንቃለሁ። ሲከፈት መልሱ ገብቶ ጠበቀን፣ ፎርሙ ተከፍቷል ይላል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ተከፍቷል» ማለት «ተስተካክሏል» ማለት አይደለም። ከተከፈተ በኋላ ገብቶ ማረም፣ ገጾቹን እስከ መጨረሻው ማለፍ፣ ፈርሞ እንደገና መላክ አለበት። ቀኑን ብቻ አርሞ የወጣ ሰው ያልተላከ ፎርም ይዞ ነው ቀጠሮ የሚጠብቀው። ልጁ ቀኑ ሲታረም ወንበሩን ሊገፋ ሲል እጁን ያዝኩት። መጨረሻ ድረስ ሄድን። አዲሱን ማረጋገጫ አተምን፣ አሮጌውንም እንዳይጥል ነገርኩት። ያረመውን ከያዘ ይበልጥ ይታመናል።

ደግነቱ የተሳሳተው ቀን ነበር። ሚስት ወይም ልጅ እያለው ማመልከቻው ላይ ሳይመዘገብ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የትኛውም ኢሜይል አያድነውም ነበር። ይህን ሲሰማ ልጁ ሳቀ። የሴት ጓደኛም የለኝም አለኝ፣ እናቱ ፊት።

ሒሳብ ላይ ስንደርስ እናትየው መቀነታቸውን ፈቱ። ዋጋውን ነገርኳቸው።

«ለሦስት መስመር?»

«እማማ፣ እታች ለፓስፖርቱ የጠየቁትን ያስታውሱታል?»

«እነሱማ ብዙ ሥራ ነው ያሉት።»

ምን እላለሁ። ግማሹን ተቀበልኩ። ትክክለኛውን ነገር በአጭር ከሠራኸው ዋጋ የለውም፤ ያልተፈለገ ነገር በረጅሙ ብትሠራ ኖሮ ይመርቁህ ነበር። ያች ግማሽ ሒሳብ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች፣ አልዋሽም።

ልጁ ኤምባሲ ደርሶ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። መስኮቱ ላይ ስለ ቀኑ ተጠይቋል። የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው ብሎ ፓስፖርቱንና ሰርተፍኬቱን አሳየ፣ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ያን ሁሉ ቀን ያለቀስንበት ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከታችኛው ቤት አንድ ልጅ ተልኮ መጣ። ጌታው አልመጣም፣ እንደማንተዋወቅ ነው የሚሆነው። «የፎርም ማስከፈቻዋን ኢሜይል ስጠን ብለውሃል፣ ለአንድ ደንበኛ ነው» አለኝ። ጻፍኩለት። ሊወጣ ሲል ግን አላስቻለኝም።

«የደንበኛው ልደት ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

ወረቀቱን አየት አደረገና፣ «1984» አለኝ።

«ወሩስ?»

«ኅዳር።»