ምራቂ

የምሠራው ደሴ ነው፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ በፍሪላንስ ዲዛይን እሠራለሁ። ደንበኛዬ ኮምቦልቻ ላይ በርበሬና ሽሮ እያሸጉ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። ውላችን ግማሽ ገጽ አይሞላም፦ ሎጎ፣ የ250 ግራም በርበሬ ሌብልና ቢዝነስ ካርድ። 18 ሺህ ብር፣ ግማሹ ቀብድ፣ ቀሪው ሥራው ሲያልቅ። ከታች ደግሞ በገዛ እጄ «እና ተያያዥ ሥራዎች» ብዬ ጨምሬበታለሁ። ውሉ ሞላ ያለ እንዲመስል ብዬ ነው። የበላችኝ እሷ ናት።

መጀመሪያ የመጣው የ500 ግራሙ ሌብል ነው። «ያው እሱኑ ማተለቅ አይደል?» አሉኝ። አይደለም። ፓኬቱ ሲቀየር ቅርጹም ይቀየራል፣ የጀርባው ጽሑፍ እንደ አዲስ ይደረደራል። የ100 ግራሙ ደግሞ ይብሳል። ባርኮድ ከመደበኛው መጠኑ ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ማንበቢያው እምቢ ሊል ስለሚችል፣ እሱ ሳይነካ ሌላው ሁሉ ቦታ ይለቅለታል። ይህን ላስረዳ ጀመርኩና ተውኩት። «ችግር የለም» አልኩ። ቀጥሎ ሽሮው መጣ። ቀጥሎ የሱቁ ባነር። ቀጥሎ ለቴሌግራም የረመዳን መልካም ምኞት። ሁሉም «ትንሽ ነገር ናት» ተብሎ ይመጣል፣ ሁሉም «ችግር የለም» ይባላል።

በአራተኛው ወር ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ከውሉ 3 ሥራ፣ ከውሉ ውጭ 11። 9 ሺህ ብሬ ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሥራው ግን አያልቅም።

በመጀመሪያ በይሉኝታ ሞከርኩት። ደውዬ «ሐጂ፣ ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል» አልኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ፣ እጠብቅሻለሁ።»

እውነትም ጠበቁኝ። በሁለተኛው ሳምንት «ቀለል አለልሽ?» ብለው ደወሉ። ሰበብ ሰጥቼ ስለነበር ሰበቡ ሲያልቅ ሥራው ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ ጻፍኩ። «ይቅርታ» የሚለውን ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ አጠፋሁት። የላክሁት ይህን ነው፦ «ሐጂ፣ በውላችን ያሉት ሦስቱም ሥራዎች አልቀው ተረክበዋቸዋል። የጀመርኩትን የሽሮ ሌብል ጨርሼ እስከ ግንቦት 30 አስረክባለሁ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሥራ አልቀበልም። ፋይሎቹን ሁሉ ይዤ እመጣለሁ፣ ቀሪ ሂሳባችንን ያኔ እንዘጋለን።» ምክንያት የለበትም። ምክንያት ካለው መከራከሪያ ይኖረዋል።

በቀኑ ፍላሽ ይዤ ሐረጎን ቁልቁል ወረድኩ። ፍላሹ ላይ ሁለት ዓይነት ፋይል አለ። አንዱ ቀጣዩ ዲዛይነር ሊያርመው የሚችለው ነው፣ ከነፎንቱ። ሌላው ለማተሚያ ቤት የሚሰጥ ፒዲኤፍ፣ ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ የተቀየሩ። ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ከሌለው አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል፣ ስልክ የሚደወለው ደግሞ ለእኔ ነው።

ቡና ተፈላ። ሐጂ እስከ ቶናው ድረስ ስለ ሥራው ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ «አስቀይሜሻለሁ?» አሉኝ።

«ኧረ በጭራሽ!» ዋሸሁ። ዋሽቼም 11ዱን ሥራ የዘረዘርኩበትን ወረቀት ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡት።

«ይሄ ሁሉ ከውሉ ውጭ ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ያወጣ ነበር?»

«ወደ 30 ሺህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትንሽ ነገር ናት ሲሉኝ ጊዜ…»

«እኔማ ገዢ ነኝ። ገዢ ሁልጊዜ ትንሽ ናት ነው የሚለው። መመዘን የሻጭ ነው። እኔም ምራቂ እሰጣለሁ። ግን መጀመሪያ እመዝናለሁ፣ ሂሳቤን እቀበላለሁ፣ ከዚያ በእጄ ዘግኜ ‹ይሄ ምራቂ ነው› ብዬ እጨምራለሁ። አንቺ ምራቂሽን ከሚዛኑ ጋር ቀላቀልሽው። በምን ልወቀው?»

ደሜ ፈላ። የጆንያ ዋጋ ላይ በ5 ብር ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው የባነር ዋጋ አያውቅም? ያውቃል! ግን መልስ አጣሁ። እስከዛሬም አላገኘሁለትም። አሁን ለደንበኛ ሂሳብ በላክሁ ቁጥር በነፃ የሠራሁትንም ከነዋጋው እጽፈዋለሁ፣ ከጎኑ «ምራቂ፣ 0 ብር» እላለሁ። ሁለት ምራቂ በጽሑፍ ያየ ደንበኛ ሦስተኛውን ሲያዝ «ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል።

9 ሺሁን ቆጥረው ሰጡኝ። ስለ 11ዱ እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አልጠየቅሁ። በረካውን ጠጥቼ፣ ተመርቄ ተነሳሁ። በር ላይ ስደርስ ጠሩኝ። አንድ የታሸገ በርበሬ ሚዛን ላይ አስቀመጡ፣ ዋጋውን ጮክ ብለው ነገሩኝ፣ ከዚያ አንስተው እጄ ላይ አኖሩት።

«ይሄ ምራቂ ነው» አሉ።

ታክሲ ውስጥ አገላብጬ አየሁት። የ500 ግራሙ ነው፣ ያ ያልተከፈለኝ ሌብል።